አርባ ስድስት ቃል በአንድ ትንፋሽ፦ ከቀረጻ ክፍል የተገኘ ገጠመኝ

ስለ ጅቡቲና አዲስ አበባ የባቡር መስመር የተዘጋጀ የድምፅ ትረካ ሊቀረጽ ነው። ጽሑፉ ከመጽሔት መጣጥፍ እንዳለ የተወሰደ ሲሆን ተራኪዋን ያስቸገራት የሚከተለው አንቀጽ ነበር።

«በ1886 ዓ.ም. ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ በተሰጠ ፈቃድ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ጋር ያቋቋሙት ኩባንያ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታቅዶ የነበረውን፣ ነገር ግን የተራራው አቀበት አስቸጋሪ በመሆኑ አቅጣጫው ተቀይሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰውንና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባውን የ784 ኪ.ሜ. የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመረ።»

ተራኪዋ ሦስት ጊዜ አንብባ ሦስቱንም ጊዜ «የነበረውን» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ። ትንፋሽ ያለቀባት እዚያ ነው፤ አድማጭ ደግሞ ድምፅ ሲወርድ ዐረፍተ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በመጨረሻ የጆሮ ማዳመጫውን አውርዳ አርታኢውን ጠየቀችው፦ «ጋሼ፣ ማን ነው የጀመረው?»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አድማጩ አርባ አራት ቃል ተሸክሞ «መዘርጋት ጀመረ» የሚለውን መጠበቅ አለበት። ከዚያ የባሰው ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ ገብቶ ካለቀ በኋላ ሐዲዱ ገና መዘርጋት መጀመሩ ነው። በዓይን የሚያነብ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ያቃናዋል። አድማጭ መመለሻ የለውም።

አርታኢው ወዲያው እስክርቢቶ አላነሣም። «ወረቀቱን አስቀምጪውና ታሪኩን ንገሪኝ» አላት። የመጀመሪያ ንግግሯ «ሐዲዱ ሐረር መውጣት ስላቃተው ድሬዳዋ ተቆረቆረች» የሚል ነበር። የአንቀጹ ልብ ይኸው ነው፤ መጣጥፉ ግን ኮማ ውስጥ ቀብሮት ነበር። ማንም ሰው ሳያነብ ሲናገር ዋናውን ነገር አውጥቶ ማሰሪያ ያበጅለታል። ስለዚህ መጀመሪያ በቃል ማስነገር፣ ከዚያ ያንን መጻፍ ዐረፍተ ነገሩን ቀጥቅጦ ከመቆራረጥ ይሻላል።

ቀጥሎ የተሸሸጉት ግሦች ተፈለጉ። «በተሰጠ»፣ «ያቋቋሙት»፣ «የደረሰውን»፣ «የገባውን» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርጊት ናቸው፤ የ«የ» ወይም የ«በ» ቅጥያ ስላሰራቸው ነው ራሳቸውን ችለው ያልቆሙት። ቅጥያው ሲወልቅ በጊዜ ቅደም ተከተል ተደረደሩ። የመጀመሪያው ቅጂ ግን አልተሳካም፦ «ሰጡ። አቋቋሙ። ጀመረ። ታጠፈ። ደረሰ። ገባ።» ዐረፍተ ነገሮቹ ሁሉ በተመሳሳይ ኃላፊ ጊዜ ስለሚያልቁ ጆሮ ላይ እንደ ከበሮ ይመታሉ። የአማርኛ አጭር ዐረፍተ ነገር ችግር ይህ ነው። መድኃኒቱ ማሰሪያውን መለዋወጥ ነው፦ አንዱን በ«ነው»፣ አንዱን በአሁን ጊዜ፣ የአንድ ባለቤት ሁለት ድርጊት ሲሆን ደግሞ «ታጥፎ ቆመ» ብሎ ማጣመር። ሦስተኛ ድርጊት ከተጨመረ ግን ማጣመሩ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳል።

የጸደቀው ጽሑፍ ይህን መሰለ፦

«ዘመኑ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። አፄ ምኒልክ ለባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ኩባንያውን ያቋቋሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ይነሣል። ሐሳቡ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ አቀበቱ ለባቡር አልተመቸም። በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ሐዲዱ ወደ ቆላው ታጥፎ ከተራራው ግርጌ ቆመ። ያ ስፍራ ድሬዳዋ ሆነ። አዲስ አበባ እስኪገባ ገና ዐሥራ አራት ዓመት ይቀረዋል።»

ቁጥሮቹ በፊደል የተጻፉት ተራኪዋ ቆማ እንዳታሰላ ነው። ዘመኑን ሙሉ ለሙሉ መጥራት አንዴ ይበቃል። 1909 ራሱ ከአንቀጹ ወጥቷል፤ «ዐሥራ አራት ዓመት» ለጆሮ የበለጠ ይናገራል። 784 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ የመስመሩ ሙሉ ርዝመት ወደሚነገርበት ክፍል ተዛወረ። መጣጥፉ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ቢጠቀም ኖሮ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰበት 1902 እንደ ኢትዮጵያ ዘመን እንዳይሰማ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ግድ ነበር።

ከቀረጻው በፊት «ገና» ላይ በእርሳስ «ላላ» ተብሎ ተጻፈ፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና ተራኪዋ ብታጠብቀው በዓሉ ይሆናል። «ቆመ» ከሚለው በኋላ ሁለት ሰረዝ ገባ፤ ለትንፋሽ ብቻ ሳይሆን «ያ ስፍራ ድሬዳዋ ሆነ» የሚለው ከመምጣቱ በፊት አድማጩ ሜዳውን እንዲያየው።