ስምንቱ ፌስታሎች

አባዬ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ሱቅ ነበረው። ከትምህርት ቤት መልስ እኔም እሸጥ ነበር። እንደ ስኳር ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ አልነበረንም። ባለ 50 ኪሎውን ጆንያ በ5,000 ብር እናመጣለን። ሩብ ኪሎውን 26 ብር እንሸጣለን። አንድ ጆንያ 200 ሩብ ስለሚወጣው 200 ብር ትርፍ አለው ብለን እናምን ነበር።

አንድ ጊዜ ጆንያ ስንከፍት ለስኳሩ ብቻ ሁለት እሽግ ፌስታል ለየሁ፤ እሽጉ መቶ መቶ ነው። ያን ጆንያ በሩብ በሩብ ብቻ ሸጠን ጨረስን። ስኳሩ አልቆ ስምንት ፌስታል ተረፈ። ስምንት ሩብ ማለት 208 ብር ነው። ትርፉ በሙሉ እዚያ ገብቷል።

የት እንደሄደ ለማወቅ አባዬ መዝኖ ያስቀመጣቸውን አስር ፌስታሎች አንድ ላይ ሚዛን ላይ ጫንኩ። 2 ኪሎ ተኩል መሆን ሲገባቸው 2 ኪሎ ከ600 ግራም መጡ። በእያንዳንዱ ሩብ ላይ 10 ግራም ምርቃት አለ። ደንበኛው «ጋሼ፣ መርቅልኝ እንጂ» እንደሚለው ስለሚያውቅ አስቀድሞ ጣል የሚያደርጋት ናት።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከ192 ሩብ 4,992 ብር ገባ። ለስኳሩ 5,000፣ ለፌስታሉ 96፣ ለባጃጅ 60 ወጣ። ኪሳራው 164 ብር ነው።

አባዬ ደብተሩን አየና «ቀን ሙሉ የሚሸጥ ዕቃ እንዴት ይከስራል?» አለኝ።

«ብዙ በሸጥን ቁጥር ነው የምንከስረው፣ አባዬ።»

«ስኳር ባይኖር ሻይ ቅጠሉንና ሳሙናውን ማን ይገዛናል?»

እውነቱን ነው፤ ስኳር ደንበኛ ይጠራል። ግን ብዙዎቹ ስኳር ብቻ ይዘው ነበር የሚሄዱት። ከዚያ አባዬ ወንድሜን ጠራና «እስቲ አንተ ደምረው» አለው። ወንድሜም ደመረ። 164 መጣ።

ምርቃቱን እናስቀር ስለው አባዬ በፍጹም አለ። «ሚዛን ሰረቀ ከሚሉኝ ሱቁን ብዘጋ ይሻላል።» ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግኩ። ምርቃት የሚሰጠው ለኪሎው ሳይሆን ለምዘናው ነው። አንድ ኪሎ በአንዴ የሚገዛ የሚመረቀው አንዴ ነው፣ ፌስታሉም አንድ ነው። በአራት ሩብ የሚገዛ ግን አራቴ ይመረቃል፣ አራት ፌስታል ይወስዳል። ስለዚህ ኪሎውን በ104 ትተን ሩቡን 27 ብር አደረግነው። እንዲያም ሆኖ፣ ጆንያው በሩብ ብቻ ቢሸጥ የሚተርፈው 28 ብር ነው።

ጥቂት ደንበኞች አጉረመረሙ፤ አንዳንዶቹ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄዱ። የቀሩት ኪሎ መግዛት ለመዱ። አባዬም ምርቃቱን እንደ ድሮው መስጠት ቀጠለ፤ እኔም በዚያ ተከራክሬው አላውቅም። ያን ቀን የእኔን ሒሳብ በወንድሜ ማስፈተሹ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።