የማስታወቂያ ብሬ መቼ እንደሚመለስ ሳላሰላ የገባሁበት ጣጣ

አዲስ አበባ ውስጥ በየሳምንቱ እንጀራ ለቤት አደርሳለሁ። የፌስቡክ ገጹን መክፈትም ሆነ ማስታወቂያውን መልቀቅ አላስቸገረኝም። ያቃጠለኝ ሒሳቡ ነው።

የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ 100,000 ብር ይዤ ነበር። በመጀመሪያው ወር 60,000 ብር ለማስታወቂያ ከፈልኩ፤ 100 ደንበኛ መጣ። አንዱ በ600 ብር ማለት ነው። ደንበኛው በሳምንት 20 እንጀራ በ25 ብር ሒሳብ ይወስዳል፤ በወር 2,000 ብር። «600 ብሬማ በአስር ቀን ተመለሰች» ብዬ በሁለተኛው ወር ማስታወቂያውን ወደ 120,000 አሳደግኩት።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ከ2,000 ብሩ የጤፍ፣ የመብራት፣ የጋጋሪዎችና የሞተረኛው ሲነሳ የሚተርፈኝ 300 ብቻ ነው። ያውም ሁሉም ደንበኛ አይቆይም። ከመጀመሪያዎቹ 100 ሰዎች በሁለተኛው ወር የቆዩት 60 ናቸው፤ በሦስተኛው 48። ትርፉን ስደምረው 30,000፣ ከዚያ 18,000፣ ከዚያ 14,400። 60,000ው የተመለሰው በሦስተኛው ወር መጨረሻ ነው።

እኔ ግን ሦስት ወር የምጠብቅበት አቅም አልነበረኝም። ዕቁቡ በየሳምንቱ 5,000 ብር ይጠብቀኛል። ሁለተኛው ወር ሳያልቅ ካዝናዬ ባዶ ሆነ። ጤፍ ነጋዴው ጋ ሄጄ በዱቤ ስጠኝ ብለው «እህቴ፣ ለነባሮቹም አልሰጥም» አለኝ። በዚያ ሳምንት ለብዙ ቤት እንጀራ ሳላደርስ ቀረሁ። እያንዳንዳቸውን በ600 ብር ያመጣኋቸው ሰዎች ስልኬን ማንሳት አቆሙ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ማስታወቂያ ያሠለጠነን ሰው «ደንበኛው በቆይታው ሁሉ ካወጣሽበት ሦስት እጥፍ ካስገባልሽ ግፊበት፤ አንድ ዓመት ብትጠብቂም ችግር የለውም» ብሎን ነበር። አልስማማም። ሦስት እጥፉ ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ አይነግርም። አንድ ዓመት መጠበቅ የዓመት ክፍያ ቀድሞ ለሚቀበል ወይም ባለሀብት ከኋላው ላለው ነው። ጤፍ በእጅ በእጅ ለሚገዛ አይሆንም።

አሁን የምጠብቀው ቢበዛ ሁለት ወር ነው። ይህን የወሰንኩት ከጤፍ፣ ከደሞዝና ከዕቁብ የተረፈው ብር ስንት ወር እንደሚያቆየኝ አይቼ ነው። በሁለት ወር አንድ ደንበኛ በአማካይ የሚያስገባልኝ 480 ብር ነው፤ 300ው ከመጀመሪያው ወር፣ 180ው ከሁለተኛው። ስለዚህ አንድ ሰው ለማምጣት ከ480 በላይ ካስወጣኝ ማስታወቂያውን በዚያው ዕለት አቆማለሁ።

ለየወሩ ደንበኞች የተለየ ገጽ ያለው ደብተር አለኝ። «የጥቅምት ሰዎች» ከሚለው ሥር በየሳምንቱ ያዘዙትን እቆጥራለሁ። የድሮውንና የአዲሱን ደንበኛ አንድ ላይ ስደምር ሽያጬ ሲያድግ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ የሚሄዱትን አላይም ነበር። የወሩን ቀድሞ ለሚከፍል ደግሞ 50 ብር እቀንሳለሁ። ትርፌ ይቀንሳል፤ ግን ጤፍ የምገዛበት ብር ቀድሞ እጄ ይገባል።