ጉበቱን ትቼ፣ ክትፎውን አብስዬ፦ የነፍሰ ጡር ፋሲካ

ያረገዝኩት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ስለነበር ጾሙ እስኪፈታ ድረስ የስጋ ነገር አላሳሰበኝም። የጤና ጣቢያው የደም ምርመራ ግን ጾሙን አልጠበቀም። ሄሞግሎቢኔ 10.4 ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ወሬው ቤት ሲደርስ የባለቤቴ አክስት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ መድኃኒቱን እዚያው አዘዙ። "ጉበት ነዋ! ለፋሲካ የበጉ ጉበት የአንቺ ነው፤ ማንም አይነካውም!"

በጉበቱ ልጀምር፤ ብዙ እርጉዝ ሴት በክፋት ሳይሆን በፍቅር የምትገደደው በእሱ ነው። እትዬ ጉበት ብረት አለው ማለታቸው ልክ ነው። ችግሩ ከብረቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ቫይታሚን ኤ ነው። ጉበት የእንስሳው የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው፤ ከብቱ የተረፈውን ሁሉ እዚያ ነው የሚያከማቸው። 85 ግራም ያህል የተጠበሰ የበሬ ጉበት፣ ማለትም አንዲት ትንሽ ሳህን፣ ወደ 6,500 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ አለው። ለነፍሰ ጡር የሚመከረው የቀን ጣሪያ ደግሞ 3,000 ነው። ከመጠን በላይ ሲሆን፣ በተለይ የጽንሱ አካል በሚሠራባቸው የመጀመሪያ ወራት፣ በልጁ ላይ የአፈጣጠር ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። ማብሰሉም አይረዳም። ጀርም ቢሆን እሳት ይገድለው ነበር፤ ይሄ ግን ቫይታሚን ነው።

ካሮት፣ ዱባና ጎመን ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ሰውነታችን ከእሱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ስለሚቀይር ጎመን በላሁ ብሎ የሚሰጋ የለም። ዱለት ግን ጉበት አለበት፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለብለብ ነው። ስለዚህ ዱለትን ሙሉ በሙሉ ተውኩት። አንዴ ሳታውቅ የቀመሰች ሴት መደንገጥ የለባትም። አደጋው "ለደምሽ ነው" እየተባለ በየሳምንቱ ሲበላ ነው።

ታዲያ ለደም ማነሱ ምን አደረግኩ? የእርግዝና ክትትሌን የምትይዘው ሲስተር የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ሰጠችኝ። ይሄ በየጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ነው። ዋናው ምክሯ ግን ስለ አወሳሰዱ ነበር። ከቡናና ከሻይ ጋር አይሆንም፤ ብረቱ እንዳይገባ ያግዱታል። ከወተት ጋርም አይሆንም። ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ወይም ብርቱካን ይሻላል። እኔ ማታ ከእራት በኋላ፣ ከቡናው ሰዓት አርቄ በሎሚ ውኃ እወስደው ነበር። ሰገራ ጥቁር ያደርጋል፣ ትንሽም ያደርቃል፤ ቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። ከዚያ ውጪ በደንብ የበሰለ ቀይ ስጋና ምስር። በቀጣዮቹ ወራት ሄሞግሎቢኔ ከ11 በላይ ወጣ።

እትዬን በማይክሮግራም አላሸነፍኳቸውም፤ ማንም አያሸንፋቸውም። "ሲስተሯ ከልክላኛለች" ስል ግን ወዲያው ተዉኝ። ጉበቱንም ወስደው ለባለቤቴ ሰጡት። ቤተሰብ ከልጅ ጋር ይከራከራል፣ ከሲስተር ጋር ግን አይከራከርም። እመኑኝ፣ ይሄን ተጠቀሙበት።

ቀጥሎ ክትፎው። እኛ ቤት ፋሲካ ያለ ክትፎ አይታሰብም፤ እኔም ብሆን አይታየኝም። ጥሬ ስጋ ላይ ነፍሰ ጡርን የሚያሳስበው ከኮሶ ይልቅ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው በዓይን የማይታይ ተባይ ነው። ኮሶ ያስቸግራል እንጂ ወደ ጽንስ አይሄድም። ቶክሶፕላዝማ ግን እናቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ከያዛት ወደ ጽንሱ ሊተላለፍና ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። እናቲቱ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል፤ ክፋቱም እሱ ነው። "እኔ ዕድሜ ልኬን ጥሬ በልቻለሁ፣ ምን ሆንኩ?" የሚለው ክርክር ለዚህ አይሠራም። የተፈጨ ስጋ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሙዳ ስጋ ላይ ባክቴሪያው በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው። ሲከተፍ ላዩ የነበረው ወደ ውስጥ ይገባል።

ለብለብ መፍትሔ አይደለም። ለብለብ ማለት ቅቤው ሞቆ ስጋው ተጨምሮበት ወዲያው የሚወርድ ነው፤ መሃሉ ለብ ከማለት አያልፍም። የተከተፈ ስጋ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ሚጥሚጣውም፣ አዋዜውም፣ ከጎኑ የሚቀመጠው አረቄም ምንም አያደርጉለትም። ባለቤቴ ደግሞ የራሱን ሐሳብ አመጣ፦ ፍሪዘር ውስጥ አቆይተን ጥሬውን ብበላስ? ቅዝቃዜ ለብዙ ቀን ሳይቋረጥ ከቆየ የኮሶውንም የቶክሶፕላዝማውንም ዘር በአብዛኛው ይገድላል። ባክቴሪያን ግን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። መብራት እየሄደ እየመጣ ደግሞ የእኛ ፍሪዘር ሳይቋረጥ ቀዘቀዘ ብሎ የሚምል ማን ነው?

ስለዚህ ብስሉን በራሴ እጅ ለመሥራት ወሰንኩ። ሰው ሲሠራልኝ "አብስዬዋለሁ" ይለኛል፣ ሳየው ለብለብ ነው። ግማሽ ኪሎ ቀይ የክትፎ ስጋ ይዤ፣ መጥበሻውን ያለ ቅቤ በመካከለኛ እሳት አጋልኩት። ስጋውን በስሱ ዘርግቼ በእንጨት ማንኪያ ሳላቋርጥ ፈተፈትኩት። መጀመሪያ ውኃ ያወጣል። ውኃው ሐምራዊ ቢጤ ነው፤ እየቆየ ግን እየጠራ ይሄድና ይመጠጣል። እብጠት ያለውን ጓል በማንኪያዬ ጀርባ ከፍቼ አየሁት፤ መሃሉ ቀይ ከሆነ ገና ነው። የስጋ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ስጋውን አንድ ላይ ሰብሰብ አድርጎ መሃሉ ላይ ይክተት፤ ከዓይን የበለጠ የሚታመነው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሚጥሚጣና ቅቤ ከገቡ በኋላ የስጋውን ቀለም መለየት አይቻልም፤ ሁሉም ቀላ ይላል። ስለዚህ መብሰሉን የምታዩት ቅመሙ ሳይገባ ነው። እኔ ስጋው ቡናማ ሆኖ ውኃው ከደረቀ በኋላ እሳቱን ቀነስኩና ነጥሮ የተቀመጠውን ቅቤ፣ ሚጥሚጣውን፣ ኮረሪማውንና ጨውን ጨመርኩ። ቅቤው መጨረሻ ላይ ሲገባ መዓዛው አይጠፋም፣ ስጋውም አይደርቅም። እውነቱን ለመናገር ጥሬውን አይሆንም። ከቆጮና ከጎመን ጋር ግን ሳህኔን ጨርሻለሁ። የነጠረ ቅቤ በእሳት ስላለፈ አያሳስብም። ካልፈላ ወተት የወጣ ለጋ ቅቤን ግን አልነካሁትም።

የቅርጫው ስጋ ሲመጣ መበለቱን ለሌላ ሰው ተውኩት። ለእኔ የተመደበልኝ ሰላጣው ነበር፤ የሰላጣው መክተፊያና ቢላዋም ለብቻው ነው። ስጋ የተከተፈበት ላይ ቲማቲም ከተቆረጠ ብስል ክትፎ የመብላቴ ትርጉሙ ምንድን ነው? ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ነጥዬ በብዙ ውኃ አጠብኩት። አዲስ አበባ ለገበያ የሚመጣው አትክልት አንዳንዱ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

የከበደኝ አይብ ነው። ስጋን አብስሎ መብላት ይቻላል፤ አይብ ግን ለክትፎ የሚቀርበው ቀዝቃዛውን ነው። የእኛ አይብ የሚሠራው ቅቤ ከወጣለት አሬራ ነው። አሬራው ለስለስ ባለ እሳት እስኪረጋ ይሞቃል እንጂ አይፈላም፤ ወተቱም መጀመሪያ ያልፈላ ነው። በዚያ ላይ እርጥብ ነው፣ ብዙ እጅም ይነካዋል። ፍርሃቱ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ያጠቃል፤ ለእሷ ቀላል ጉንፋን መስሎ ያልፍና ጽንሱን ሊያስወርድ ይችላል። አብዛኛው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥ ሲቆም ይሄ ቀስ እያለ ይራባል። ስለዚህ "ፍሪጅ ውስጥ ነበር" ማለት ማስተማመኛ አይሆንም።

እኔ አይቡን ከወተት ሠራሁት። ሁለት ሊትር ወተት አንተከተክሁ። አውርጄ ትንሽ ካቆየሁት በኋላ አምስት ስድስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰስኩ በቀስታ አማሰልኩት። ወተቱ ሲቆራረጥና ውኃው ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ሲጠራ ሎሚው በቃው ማለት ነው። ነጭ ወተት እንደሆነ ከቀረ ትንሽ ይጨመራል። ፈልቶ በተጨመቀ ንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልዬ አንጠለጠልኩት። ከእሳት ከወረደ በኋላ በእጅ አልነካሁትም፤ ያን ሁሉ ማፍላት የሚያበላሸው ያልታጠበ እጅ ነው። ከአሬራው አይብ ያነሰ ይጎመዝዛል፣ ትንሽም ጠንከር ይላል፤ በሹካ ስፈረፍረውና ጨው ሳደርግበት ተስተካከለ። ጤና አዳም ግን አልጨመርኩም፤ ማህፀን ሊያነሳሳ ይችላል። የተረፈውን ፍሪጅ አስገብቼ በማግስቱ ጨረስኩት።

የገበያው አይብም የግድ አይጣልም። ጎመን በአይብ ከተሠራና እንፋሎቱ እየወጣ ከተበላ ይሆናል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ ብሪና ካሞምቤር የሚባሉት ለስላሳ አይቦች ካልበሰሉ ይቅሩባችሁ። ፒዛ ላይ የቀለጠው ሞዛሬላ ችግር የለበትም።

ሲስተሯ አንድ ምልክት እንዳልዘነጋ ነግራኛለች፦ ትኩሳትና ቁርጥማት። ከተጠራጠርኩት ምግብ በኋላ እንዲህ ከተሰማኝ ጉንፋን ነው ብዬ እንዳልተኛ፣ ሄጄ ምን እንደበላሁ ጭምር እንድናገር። የሊስቴሪያ ምልክት ከምግቡ በኋላ ሳምንታት ቆይቶም ሊመጣ ስለሚችል "ያኔ የበላሁት ነው እንዴ?" ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ኮሶ የታየባትም ብትሆን የኮሶ መድኃኒት በቤት እንዳትጠጣ፤ እርግዝና ላይ አደገኛ ነው። ክሊኒክ ይታከማል፣ አስቸኳይ ካልሆነም እስከ ወሊድ ሊቆይ ይችላል።