የራሴን ቴክኦፍ እንድመረምር ሲሰጠኝ

ፋይሉን ስከፍት መጀመሪያ ያወቅሁት ቀለሙን ነው። ቴክኦፍ የምንለው የእያንዳንዱን ሥራ መጠን ከድሮዊንግ ላይ ለክቶ ማስላት ነው። በቴክኦፍ ሺት ላይ የበርና የመስኮት ክፍተት ሲቀነስ ሁላችንም `Ddt` ብለን እንጽፋለን። እኔ ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ የሚቀነሰውን ረድፍ በፈዛዛ ብርቱካናማ የመቀባት አመል አለኝ። ከፊቴ ያለው ሺት ብርቱካናማ ነበር።

ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ኳንቲቲ ሰርቬየር ነኝ። ሥራዬ ኮንትራክተሮች የሚያቀርቡትን የክፍያ ሰርተፊኬት መመርመር ነው። ኮንትራክተሩ ይህን ያህል ብረት አስሬያለሁ፣ ይህን ያህል ኮንክሪት ሞልቻለሁ ይላል። እኔ ከድሮዊንጉና ከሳይት ልኬቱ ጋር አመሳክሬ የበዛውን እቆርጣለሁ። የሕንፃው ባለቤት ለድርጅታችን የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ያን ዕለት የቀረበልኝ የአንድ ጂ+7 ሕንፃ አራተኛ ሰርተፊኬት ነበር። ሕንፃው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ፕሮጀክቱን የያዘችው የሥራ ባልደረባዬ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ለእኔ ተላለፈ። ኤክሴሉን ከፍቼ ብርቱካናማውን ሳይ ልቤ ድው አለ። `File` ውስጥ ገብቼ `Info` የሚለውን ነካሁ። `Author` ከሚለው ፊት ለፊት የእኔ ስም ተጽፏል። `Last Modified By` ላይ ደግሞ የጓደኛዬ ስም አለ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነበር። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ የተከራየሁበት ግቢም አብሮ ሄደ። አዲሱ ቤት ራቀ፣ ኪራዩም ጨመረ፣ ደሞዜ ከወር ወር መድረስ አቃተው። ያ ጓደኛዬ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ ፒያሳ ቡና ጋብዞኝ የጎን ሥራ እንዳለ ነገረኝ። እሱ ለአንድ ሰብ ኮንትራክተር ኦፊስ ኢንጂነር ነው። የኮለን ብረትና የብሎኬት ግድግዳ ቴክኦፍ እንድሠራለት ነው የፈለገው። 25,000 ብር፣ በሁለት ሳምንት፣ ማታ ማታ።

ድሮዊንጉን በቴሌግራም ላከልኝ። ታይትል ብሎኩ ተቆርጧል። ታይትል ብሎክ ማለት በድሮዊንግ ጥግ ላይ የፕሮጀክቱ፣ የባለቤቱና የአማካሪው ስም የሚጻፍበት ሳጥን ነው። ያለ እሱ የመጣ ድሮዊንግ አባቱ እንደማይታወቅ ሰነድ ነው። አየሁት፣ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ መልሱን እንደማልወደው ሳላውቅ ቀርቼ አይመስለኝም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጠይቄዋለሁ። ብረት ሲቀጣጠል ሁለቱ ጫፎች የሚደራረቡበት ርዝመት፣ ላፕ የምንለው፣ ድሮዊንጉ ላይ 50 ዲያሜትር ነው ይላል። ለ16 ሚሊ ሜትር ብረት 80 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። «ስንት ልያዝልህ?» ብዬ ደወልኩ። «አንድ ሜትር አድርገው ባክህ፤ ኮንሰልታንቱ መቁረጡ አይቀርም» አለኝ። ሳቅን። አንድ ሜትር አደረግሁት።

ኮንሰልታንቱ እኔው ሆኜ አረፍኩት።

ስሌቱ ትንሽ ናት። 14 ኮለን፣ እያንዳንዱ 10 ብረት፣ ሦስት ፎቅ። 420 ላፕ ይሆናል። በእያንዳንዱ የበዛው 20 ሳንቲ ሜትር ሲደመር 84 ሜትር ነው። የብረት ክብደት በሜትር ለማግኘት ዲያሜትሩን በራሱ አባዝተን ለ162 እናካፍላለን፤ ለ16 ሚሊ 1.58 ኪሎ ይመጣል። በድምሩ 133 ኪሎ ገደማ። በአንድ ሕንፃ ሒሳብ ውስጥ ይህ ምንም አይደለም። ግን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ያቺን 133 ኪሎ እያየሁ ተቀመጥኩ።

ብቆርጣት፣ የቆረጥኩት ከድሮዊንጉ አንብቤ ነው ወይስ ጓደኛዬ በስልክ ካመነልኝ? ገንዘቡን ተቀብዬ የሠራሁለትን ሰው ሚስጥር በእሱ ላይ መጠቀሜ ነው። ባልቆርጣት ደግሞ ደሞዝ የሚከፍለኝን ድርጅትና የሕንፃውን ባለቤት መካዴ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ብጽፍ እንኳ ታሪኩን የሰማ ሰው ሊያምነኝ ምክንያት የለውም። እዚህ ላይ ነው የጥቅም ግጭት የሚባለው ነገር የገባኝ። በደንብ የሠራሁት ሥራ ራሱ ተበላሽቷል። በትርፍ ሰዓቴ መሥራቴ፣ ከቢሮ አንድም ቀን አለመቅረቴ ምንም አላዳነኝም።

ፋይሉን ዘጋሁት። ምንም ቁጥር አልነካሁም። በኋላ ሳስበው በዚያ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ በትክክል ያደረግሁት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

ማታ የአክስቴ ልጅ ጋ ሄድኩ። ጠበቃ ናት። የቅጥር ውሌን አምጣ አለችኝ፤ ከፈረምኩ በኋላ ገልጬው አላውቅም ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሠራተኛው ያለ ድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ከድርጅቱ ሥራ ጋር ተመሳሳይ ወይም ተጻራሪ የሆነ ሥራ ለሌላ ወገን አይሠራም» ይላል። ስለ አዋጅ 1156/2011 ጠየቅኋት። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁን እኔም አገላብጬው ነበር፤ «ሁለተኛ ሥራ ክልክል ነው» የሚል አላየሁበትም። «ልክ ነህ» አለች፣ «ያንተ ችግር ሁለተኛ ሥራ መሥራትህ አይደለም። አንቀጽ 27ን አንብብ።» ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች የተዘረዘሩት እዚያ ነው፤ በሥራ ላይ የማታለል ወይም የማጭበርበር ተግባርም አለበት። ነገ ቁጭ ብዬ ያንን ሰርተፊኬት ብፈርም በቀጥታ ወደዚያ መስመር እየገባሁ ነው።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ይዤ ነበር። አሠሪ በዚህ ምክንያት የማሰናበት መብቱ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል የሚለውን ሰምቻለሁ። ሥራውን ካስረከብኩ ደግሞ ሁለት ወር አልፎኛል። ነጻ ወጣሁ ማለት አይደለም ወይ? ሳቀችብኝ። «ቀኑ የሚቆጠረው አሠሪው ካወቀበት ቀን ነው፤ አንተ ካደረግህበት አይደለም። ዓመት ብትደብቀው ገና አንድም ቀን አልተቆጠረልህም።» ይህን የማያውቅ ስንት ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሆን እላለሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉንም አነሳችልኝ። የ1952ቱ ሕግ ወኪል ለወከለው ሰው በፍጹም ቅን ልቦና መሥራት እንዳለበት፣ እሱ ሳያውቅም ከጉዳዩ ጥቅም ማግኘት እንደማይችል ይናገራል፤ 2208 እና 2209 ላይ ነው። ድርጅታችን በባለቤቱ ስም ሲቆጣጠር የቆመው በዚህ መንፈስ ነው። እኔ ደግሞ የድርጅቱ ዓይን ነኝ። ዓይኑ ከወዲያ በኩል ተከፍሎታል።

ደብዳቤውን እዚያው ጻፍነው። አንድ ገጽ። ሥራውን መቼ ተቀበልኩ፣ መቼ አስረከብኩ፣ ከማን፣ ስንት ብር፣ የትኞቹን ሺቶች ሠራሁ። የተጠቀምኩት የቢሮውን ቴምፕሌት መሆኑንም ጻፍኩ። የላፑንም ጉዳይ አልደበቅሁም። ስለ ቤት ኪራይ አንድ አንቀጽ ጨምሬ ነበር፤ በእስክሪብቶ ሰረዘችው። «ይሄ ለሚያዝንልህ ሰው ነው። ደብዳቤው የሚቀመጠው ፋይል ውስጥ ነው።»

ለጓደኛዬ በዚያው ምሽት ደወልኩ። ከአለቃዬ ከሚሰማ ከእኔ ይስማ ብዬ ነው። «አስበላኸኝ በቃ» ብሎ ዘጋው። እስካሁን በደንብ አልታረቅንም።

ጠዋት አለቃዬ ጋ ገባሁ። ኢንጂነሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀና ብለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቁጥሩን ነክተኸዋል?» አልነካሁም አልኩ። «ላፕቶፑን እዚህ ተወው፤ ውጪ ጠብቀኝ» አሉኝ። ኮሪደር ላይ አርባ ደቂቃ ቆምኩ።

አላባረሩኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከፕሮጀክቱ ተነሳሁ፤ የፕሮጀክት አበሌም ቀረ። ሰርተፊኬቱን ሌላ ሰው ከዜሮ ለካው፤ ላፑም 80 ሆነ። ባለቤቱም እንዲያውቁ ተደረገ። ያ ለእኔ ከሁሉም የከበደው ነበር፤ ሰውዬው ቢሮ ሲመጡ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። እውነቱን ለመናገር ያልተባረርኩት ሰርተፊኬቱን ሳልፈርም በመድረሴ ይመስለኛል። ከፈረምኩ በኋላ ያው ደብዳቤ የእምነት ቃል ነው የሚሆነው።

አሁንም የጎን ሥራ እሠራለሁ፤ ኪራዩ አልቀነሰማ። አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ማታ ኳንቲቲ ሰርቬይንግ አስተምራለሁ። ከመጀመሬ በፊት ፈቃድ ጠይቄ ጻፍኩ፤ የት፣ ምን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ ዘርዝሬ። «የማስተማር ሥራ» ብቻ ብዬ በደፈናው ብጽፈው ነገ ኮሌጁ ሕንፃ ሲያሠራ ጣጣ እንደሚመጣ አሁን ይገባኛል። ስለዚህ ኮሌጁ ወይም ባለቤቶቹ በድርጅታችን በኩል ፕሮጀክት ካላቸው ፈቃዱ ቀሪ ነው የሚል ዐረፍተ ነገር ራሴ ጨመርኩበት። አለቃዬ ፈገግ ብለው ፈረሙ። ለማስተማሪያ ደግሞ የራሴን አሮጌ ላፕቶፕ ነው የምጠቀመው፤ ቴምፕሌቱንም ከባዶ ሠራሁት። ብርቱካናማውን አልተውኩም።

ባለፈው ወር አንድ የማላውቀው ሰው ደወለ። ስልኬን ከተማሪዎቼ ነው ያገኘው። አፓርታማ ነው፣ ቴክኦፍ ብቻ፣ ጥሩ እንከፍላለን አለ። «አማካሪው ማነው?» አልኩት። «እሱ ለምን አስፈለገህ?» አለ። «ታይትል ብሎኩን ሳትቆርጥ ላክልኝና አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት።

አልላከም። ለማንኛውም ብዬ ጠዋት ቡና ላይ ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈው» አሉኝ።