ቅርጹን ከፎቶ፣ ቀለሙን ከስፌቱ

የሣር ስፌት ካታሎግ ልትሠሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀለሙን ከፎቶው ላይ አትልቀሙ። የማስተማሪያ ቪዲዮዎቹ ሁሉ "ፎቶውን ክፈት፣ በቀለም መልቀሚያዋ ንካ፣ ቅርጹን ሙላ" ይላሉ። ለፕላስቲክ ጆግ ይሆናል። ለሐረር ስፌት ግን አይሆንም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ አክስቴ ሱቅ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን ሙሉ የማይሸጥበት ካታሎግ ተከምሮ አይቀርም ነበር።

አክስቴ ጀጎል ውስጥ ስፌት ትሸጣለች። ብዙዎቹ ደንበኞቿ አዲስ አበባ ሆነው በቴሌግራም ነው የሚያዝዙት። በፎቶ ስንልክ አንዱ ይጠቁራል፣ ሌላው ይነጣል፣ ጥለቱም በደንብ አይለይም። ስለዚህ ጥላ የሌለው፣ ጀርባው ነጭ የሆነ፣ ለእያንዳንዱ ስፌት ከስድስትና ሰባት ቀለም ያልበለጠ ጠፍጣፋ ስዕል ልሠራላት ተስማማን።

ስዕሉ ራሱ ብዙም አያስቸግርም። ስፌቱን መሬት ላይ አጋድማችሁ፣ ቀጥታ ከላይ ታነሳላችሁ። እንክስኬፕ የሚባለው የስዕል ፕሮግራም ውስጥ አስገብታችሁ በላዩ ላይ በብዕር መሣሪያው ትስላላችሁ። `Trace Bitmap` የሚለው በራሱ የሚስለው ነገር አጓጊ ነው፤ ግን የሣሩን ጭረት ሁሉ እየቆጠረ ሺህ ቁራጭ ያወጣላችኋል። አንዱን የጥለት ክፍል በእጅ ስላችሁ ዙሪያውን ማባዛት ይሻላል።

ፎቶው ላይ ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሱቅ ውስጥ አታንሱ። ከበር የሚገባው ብርሃንና የአምፖሉ ብርሃን ሲደባለቁ የስፌቱ ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ማንም አያስተካክለውም። ውጪ፣ ጥላ ውስጥ፣ ሰማዩ እያበራው አንሱ። የጀጎልን ግድግዳ ግን ተጠንቀቁ። አክስቴ ግቢ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ነው፤ አጠገቡ ያነሳሁት ነጭ አለላ ሁሉ ለምለም ሣር መስሎ ወጣ። ከግድግዳው ራቅ ብዬ መሀል ግቢ ሳነሳ ቀረ።

ሁለተኛ፣ "ነጭ ወረቀት አጠገቡ አስቀምጥና በእሱ አስተካክል" የሚለውን ምክር እርሱት። የቢሮ ወረቀት ነጭ እንዲመስል ማንጫ ኬሚካል ይገባበታል፤ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በእሱ ካስተካከላችሁ ስፌቱ በሙሉ ወደ ቢጫ ይሄዳል። እኔ የተጠቀምኩት የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠመጥሙትን ነጭ ቴፍሎን ነው። ካርቶን ላይ አሥር ዙር ያህል ጠቅልላችሁ ፎቶው ጥግ ላይ አስገቡት። ከዚያ ጊምፕ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ `Levels` ከፍታችሁ በመካከለኛዋ መልቀሚያ ቴፍሎኑን ንኩት። ርካሽ ነው፣ ከወረቀቱም ይልቅ ይታመናል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ፎቶው የተስተካከለ ቢሆንም የስፌቱ ቀይ አንድ ቀይ አይደለም። ስፌት ዙር በዙር የተጠቀለለ ነው። የዙሩ ጀርባ ላይ ሣሩ ያበራል፣ በዙሮቹ መሀል ጥላ አለ። መልቀሚያዋ ጉድጓዱ ላይ ካረፈች የደረቀ ደም፣ ጀርባው ላይ ካረፈች ሮዝ ትሰጣችኋለች። ሰፋ አድርጋ አማካይ እንድትወስድ ብታዟትም ጥላውን ጨምራ ነው የምታማክለው። የአንዱ ሰፌድ ቀይ የቀለም ቁጥሩ በአማካይ #8E2A35 ወጣ። ስዕሉ ላይ ሲሞላ ጭቃ የነካው ይመስላል። ዓይናችን እውነተኛውን ስፌት ሲያይ ጥላውን ጥላ ብሎ ያልፈዋል፤ ጠፍጣፋ ስዕል ላይ ግን ጥላ ስለሌለ ጭቃው የቀለሙ ይሆናል። ብርሃን ካረፈበት፣ ግን ከማያንጸባርቀው ቦታ ብቻ ስወስድ #B5232F ሆነ። ይሻላል፤ ቢሆንም ገና አልደረሰም።

ይህን ይዤ ድሬዳዋ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። የተቀበለኝ ልጅ ፋይሉን ከፍቶ "ወንድሜ፣ ይሄ አርጂቢ ነው፤ ወደ ሲኤምዋይኬ ካልተቀየረ አይታተምም" አለ። ልክ ነው፤ አርጂቢ የስክሪን፣ ሲኤምዋይኬ የማተሚያ ቀለም ነው፣ ይቀየር። አንዲት ገጽ ለሙከራ አትምልኝ ብለው ግን "ለአንድ ገጽ ማሽን አናስነሳም" አለኝ። ስለምነው "እኔ እያለሁልህ!" ብሎ ሳቀ። ስረከብ አረንጓዴው ደብዝዟል፣ ሰማያዊው ወይን ጠጅ ሆኗል፣ ቀዩ ደግሞ ብርቱካን ነው። ብርቱካኑ ከየት መጣ? "ትንሽ ጨለም ብሎብኝ አደመቅኩልህ" አለኝ፤ እንደ ውለታ። ላዩ ላይ አንጸባራቂ ላሚኔሽንም ጨምሮበታል፤ እሱ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊውን የበለጠ አጠቆረው። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። አክስቴ አንዱን ገጽ ከሰፌዱ አጠገብ አድርጋ አየችና "ልጄ፣ ይሄ የማን ስፌት ነው?" አለች።

ሰማያዊው ወይን ጠጅ የሚሆነው በማንም ተንኮል አይደለም። ስክሪን ብርሃን ነው የሚሰጠው፤ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች ደግሞ ብርሃን ይውጣሉ። ደማቅ ሰማያዊ፣ ደማቅ አረንጓዴና ደማቅ ብርቱካን ከአቅማቸው በላይ ነው። ስለዚህ ስክሪን ላይ ተስማማሁ ማለት ምንም ማለት አይደለም።

በኋላ የሠራሁት እንዲህ ነው። ሌላ ማተሚያ ቤት ሄጄ ከስምምነት በፊት የሙከራ ገጽ ጠየቅሁ። ይህን የማያደርግ ማተሚያ ቤት ገንዘባችሁን አትስጡት። ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም ዘጠኝ ካሬ አስቀመጥሁ። መሀል ላይ ከፎቶ ያገኘሁት፤ ዙሪያውን ትንሽ የነጣ፣ የጠቆረ፣ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ። የታተመው በዚያው ማሽን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ያለ ማድመቅ ነው።

ገጹን ሐረር ይዤ መጥቼ ግቢው ጥላ ውስጥ ስፌቱ አጠገብ አስቀመጥሁት። በሰፊ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት ቀዳዳ ብሱ፤ በአንዱ ካሬውን፣ በሌላው ስፌቱን እዩ። አጠገብ ያለው አረንጓዴ ቀዩን እንዳያሳብደው ነው። ከዚያ የሣሩ ጭረት እስኪጠፋ ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ። ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ የሚመስሉበት ካሬ እሱ ነው። ለዚያ ሰፌድ #C4202C ሆነ፤ ፎቶው ከሰጠኝ ሁሉ የደመቀ። ለአክስቴ ካሬዎቹን ሳሳያት ደግሞ ሳታመነታ ያንኑ ነካች።

የሚለካውን ስፌት ግን ከመጋዘን አውጡ። በር ላይ የተሰቀለውን ፀሐይ በልቶታል፤ በእሱ ከለካችሁ ደንበኛው የሚደርሰው የደመቀ ስለሆነ "ቀለም ቀባችሁበት ወይ?" ይላችኋል።

ለቴሌግራም የሚላከው ሌላ ፋይል ይሁን፤ በሲኤምዋይኬ የደበዘዘውን አትላኩ። ከስልካችሁ ላይ የማታ ቢጫ ብርሃኑንና የማድመቂያውን ሁነታ አጥፉና ከስፌቱ ጋር አስተያዩ። ሲላክ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክ፤ በፎቶ ሲሄድ ይጨመቅና ቀጫጭኑ ቀይ መስመር ጠርዙ ይደበዝዛል።

ደማቁ ወይን ጠጅ ግን እስከ መጨረሻ አልተገኘም። ማተሚያው አይችለውም። እኔ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር የሚቀርበውን ካሬ ወሰድኩና ከስዕሉ ሥር "እውነተኛው ከዚህ ይደምቃል" ብዬ ጻፍኩ። አንዳንዶች ካታሎግ ላይ እንዲህ አይጻፍም ይላሉ። ከጻፍኩ ወዲህ ግን ወይን ጠጁን የመለሰ ሰው የለም። የቀለሞቹን ቁጥር አክስቴ ደብተር ላይ፣ ከአለላው ቁራጭ ጋር አጣብቄላታለሁ። ሴቶቹ አዲስ ሣር በነከሩ ቁጥር ቀለሙ ትንሽ ስለሚለወጥ፣ አዲሱ ሲመጣ ካሬዎቹን እንደገና አሳትማለሁ።