80 ከመቶ፣ ግን የቱ 80?

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሒሳብ የሚሠራ ሰው የለም። እኔ ግን ቸግሮኝ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ደብተር ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ቴስትና ሚድ ተደምረው ከ30 ያመጣሁት 19 ነው። ቢ ፕላስ ደግሞ 75 ይፈልጋል። የቀሩኝ አሳይመንት ከ10፣ ፕሮጀክት ከ20፣ ፋይናል ከ40 ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነበር። ከ75 ላይ 19 ሲነሳ 56 ይቀራል። 56ን ለቀሪው 70 ሳካፍል 80 ከመቶ መጣ።

የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። ፋይናሉ ስለሚያስፈራኝ 60 ከመቶ ሰጠሁት። አሳይመንቱን 95፣ ፕሮጀክቱን 85 አልኩ። ሦስቱ ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ ልክ 80! ደስ ብሎኝ ለዶርም ጓደኛዬ አሳየሁት።

«ወርያ፣ ከ10 የሚያዘውና ከ40 የሚያዘው እኩል ነው እንዴ?» አለኝ።

ወደ ነጥብ ስቀይረው 9.5፣ 17 እና 24 ሆነ። ድምሩ 50.5፤ ከ56 በ5.5 ያንሳል። በዚያ እቅድ ብሄድ ኖሮ 69.5 ይዤ ነበር የምወጣው። ኮርሱ ራሱ ስታቲስቲክስ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ፐርሰንቱን ትቼ በነጥብ ብቻ ማሰብ ጀመርኩ። ፋይናል ላይ አምስት ፐርሰንት ብለቅ የማጣው 2 ነጥብ ነው። ያንን ከአሳይመንት ላካክስ ብል 20 ፐርሰንት መጨመር አለብኝ። አሳይመንቱን 95 ብዬው ስለነበር 20 ፐርሰንቱ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አከፋፈሉን ከትልቁ ጀመርኩ። መጀመሪያ ግን ወለሉን አየሁ፦ አሳይመንትና ፕሮጀክት ላይ 30ውን በሙሉ ባመጣ እንኳ ፋይናሉ 26 ይፈልጋል። ከዚያ በታች ማለም ዋጋ የለውም። አቅሜን አስቤ ፋይናሉን 30 አልኩት። የቀረውን 26 ደግሞ 9 ለአሳይመንት፣ 17 ለፕሮጀክት አደረግኩት።

አሳይመንቱ 8 ሆኖ ተመለሰ። የጎደለችው አንድ ነጥብ የሆነ ቦታ መግባት ነበረባት፤ ፕሮጀክቱ ላይ ጫንኳትና 18 አልኩት። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ እሱን ብቻ ስሠራ ከረምኩ። ውጤቱ ሲለጠፍ 27 ይላል። ልቤ ሊቆም! ለካ የታረመው ከ30 ነው። ወደ 20 ሲመነዘር 18። እንደወረደ ደምሬው ቢሆን ኖሮ ፋይናሉ 21 ብቻ የሚፈልግ መስሎኝ ተዘናግቼ እተኛ ነበር።

ፋይናሉ ላይ 31 አገኘሁ። ድምር 76።