ላስት ክሊክን አምኜ የዩቲዩብ ማስታወቂያችንን ዘጋሁት

ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ የኦንላይን ሱቅ ማስታወቂያ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። የምንሸጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤት ቡና መቁያ ነው። ዋጋው 380 ዶላር ስለሆነ ሰው ዛሬ አይቶ ዛሬ አይገዛውም። ድረ ገጻችንን መጀመሪያ ካየበት ቀን እስኪገዛ በአማካይ 17 ቀን ያልፋል። ይህን 17 ቀን ያዙልኝ።

አምና ጃንዋሪ ላይ የሱቁ ባለቤት ሪፖርቱን ከፍተው ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ቪዲዮ ገንዘባችንን እየበላ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እውነትም በላስት ክሊክ ስሌት፣ ማለትም ሽያጩን በሙሉ ደንበኛው መጨረሻ ለነካው ማስታወቂያ በሚሰጠው ስሌት፣ ከዩቲዩብ የመጣ አንድ ደንበኛ ወደ 900 ዶላር ያስወጣን ነበር። የሱቃችንን ስም ጉግል ላይ ፈልጎ ከላይ በሚወጣው ማስታወቂያችን የመጣው ግን 11 ዶላር ብቻ። «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ልዝጋው» አልኩ። በዚያው ቀን ዘጋሁት። እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ጥያቄ እንኳን ሳልጠይቅ መዝጋቴ ነው።

ሁለት ሳምንት ምንም አልሆነም። ወጪ ቀነሰ፣ ሽያጭ ባለበት ቆመ፣ ባለቤቱም ደስ አላቸው። ለካ እነዚያ ሁለት ሳምንታት የገዙን ሰዎች ከመዘጋቱ በፊት ቪዲዮውን ያዩት ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት የሱቃችንን ስም የሚፈልገው ሰው መቀነስ ጀመረ። ሽያጩ በሳምንት ከ210 ወደ 180 ገደማ ወረደ። እኔ ግን «ከበዓል በኋላ ገበያ ሁሌም ይቀዘቅዛል» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

ያነቃችኝ ስለ ዋስትና ልትጠይቅ የደወለች አንዲት ደንበኛ ናት። እንዴት እንዳገኘችን ጠየቅኳት። እህቷ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ዩቲዩብ ሲያዩ ማስታወቂያችን መጣ። ቴሌቪዥን ላይ ክሊክ የሚያደርግ ሰው የለም። ከሳምንታት በኋላ በራሷ ስልክ ስማችንን ጻፈች፣ ከላይ የወጣውን ማስታወቂያ ነካች፣ ገዛች። መዝገቡን ከፍቼ አየሁት። 380 ዶላሩ በሙሉ የተጻፈው በስም ፍለጋው ማስታወቂያ ላይ ነው። ቪዲዮው የትም የለም። ያ ማስታወቂያ ደግሞ ባይኖርም ልጅቷ ከሥሩ ያለውን ነጻ ሊንክ ትነካ ነበር። ኢቤይ በ2012 በራሱ ስም ላይ የሚያወጣውን የፍለጋ ማስታወቂያ አቁሞ ሲፈትን ያየው ይህንኑ ነው፤ ጎብኚው ከሞላ ጎደል ሁሉ በነጻው ሊንክ ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ ሌላ ሞዴል፣ ማለትም ሽያጩ ለየትኛው ማስታወቂያ እንደሚቆጠር የሚወስን ሌላ ስሌት፣ ፍለጋ ገባሁ። ምስጋናውን ለሁሉም እኩል የሚያካፍለው፣ ለመጀመሪያው የሚሰጠው፣ ለቅርቡ የሚያደላው፤ እነዚህን ሁሉ ጉግል በ2023 ከማስታወቂያ አገልግሎቱ ከአድስም፣ ጎብኚ ከሚቆጥረው ከአናሊቲክስም አንስቷቸዋል። የቀሩት ላስት ክሊክና ዳታ ድሪቨን የሚባለው ናቸው። ዳታ ድሪቨን የገዙና ያልገዙ ሰዎችን መንገድ አወዳድሮ፣ እያንዳንዱ ማስታወቂያ የመግዛት ዕድልን ምን ያህል እንደጨመረ ይገምታል። ከላስት ክሊክ ይሻላል። ግን የትኛውም የመንገድ ሞዴል ያልተመዘገበ ነገር ማካፈል አይችልም። የልጅቷ መንገድ ላይ የተመዘገበው አንድ ክሊክ ነው። አንድን ነገር በየትኛውም ቀመር ብታካፍለው መልሱ ያው ነው።

ያኔ የማስታወቂያው ድርጅት ወኪል ሌላ መፍትሔ ነገረኝ። ቪዲዮው ለዓይኑ የታየውን ሰው ሁሉ ቁጠር፣ ካየ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ከገዛም ለቪዲዮው ቁጠርለት አለኝ። የድሮውን ወጪ በዚህ ስሌት ሳየው ቪዲዮው ተአምር የሠራ ይመስላል። ማስታወቂያው በስልኩ ላይ ለሰከንድ ያለፈ፣ ቀድሞውንም ሊገዛን የነበረ ሰው ሁሉ በቪዲዮው ስም ተቆጥሯል። ወኪሉ የሚያስተዛዝብ ሥራ ነው የሠራው፤ ችግሩን እያወቀ አንድ ቃል አላስጠነቀቀኝም።

ቁርጡን የሚነግረኝ ቪዲዮው ያለበትንና የሌለበትን ቦታ ማወዳደር ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ኤፕሪል ላይ ቪዲዮውን መልሼ ከፈትኩ። ከወር በኋላ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ዘጋሁ፣ ባልቲሞር ላይ ተውኩ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ውጤት? ምንም ልዩነት የለም። ባለቤቱ «አላልኩህም?» አሉኝ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስህተቱን ለማግኘት ሳምንት ፈጀብኝ። አንደኛ፣ የሁለቱ ከተሞች ሽያጭ በሳምንት አምስት ስድስት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በዕድል ብቻ ይዘልላል። ሁለተኛ፣ ባልቲሞር አድሮ ዲሲ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ ሰው ለመግዛት 17 ቀን እየፈጀበት እኔ በ14 ቀን ቆረጥኩት። አራተኛው ነው የሚያበሳጨኝ። በዚያው ወኪል ምክር ፐርፎርማንስ ማክስ የሚባለውን ካምፔይን ከፍተን ነበር። እሱ ዩቲዩብ ላይም ያሳያል። ዲሲ ላይ «ዘግቼዋለሁ» ያልኩት ቪዲዮ በሌላ በር እየገባ ይታይ ነበር።

ሁለተኛውን ሙከራ በጥንቃቄ ሠራሁት። ያለፈ ሽያጫቸው አብሮ የሚወጣና የሚወርድ አካባቢዎችን ከመላው አሜሪካ መርጬ በሁለት ቡድን ከፈልኳቸው። ፐርፎርማንስ ማክስን በሁለቱም ቡድን ዘጋሁ። ቪዲዮውን በአንደኛው ቡድን ለስምንት ሳምንት ዘጋሁና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ከቁጥር አወጣኋቸው፤ ቀድመው ያዩት ገዝተው ይለቁ ብዬ ነው።

ከሙከራው በፊት የሚዘጋው ቡድን በሳምንት 100 ሲሸጥ ሌላው 110 ይሸጥ ነበር። በተቆጠሩት አምስት ሳምንታት ቪዲዮ ያለበት 530 ሸጠ። በቀድሞው ሚዛን የተዘጋው 482 መሸጥ ነበረበት። የሸጠው 419 ነው። 63 ሽያጭ ጠፋ። ይህ የዕድል ጉዳይ እንዳይሆን ያለፈውን ዓመት በአምስት አምስት ሳምንት ከፋፍዬ ያንኑ ስሌት ሠራሁ። ምንም ሳይዘጋ ልዩነቱ ከ20 አልፎ አያውቅም።

በእነዚያ አካባቢዎች ለአምስት ሳምንት የምናወጣው 8,190 ዶላር ነው። ለ63 ሲካፈል አንድ ሽያጭ 130 ዶላር ይመጣል። ለተመሳሳይ ወጪ ላስት ክሊክ 9 ሽያጭ ብቻ አይቶ 910 ዶላር ይላል። የወኪሉ ስሌት 140 ሽያጭ ቆጥሮ 58.50 ዶላር ይላል። ከአንድ ማሽን የምናተርፈው 150 ስለሆነ ቪዲዮው አዋጭ ነው፤ ግን በጠባብ ልዩነት።

አሁን በየቀኑ የማየው ኢንጌጅድ ቪው የሚባለውን ቁጥር ነው። ቢያንስ 10 ሰከንድ አይቶ በሦስት ቀን ውስጥ የገዛን ሰው ይቆጥራል። ለዚያው ወጪ 31 ይቆጥር ነበር፤ ሙከራው 63 አለ። ስለዚህ በሁለት አባዛዋለሁ። ይህ ሁለት የሚሠራው ለእኛ ሱቅ፣ ለዚህ ቪዲዮና ለዚህ በጀት ነው። ወጪውን እጥፍ ብናደርግ ተጨማሪው ዶላር ያን ያህል አያመጣም። ለዚህ ነው በየስድስት ወሩ ሙከራውን የምደግመው።

ሽያጫችሁ በሳምንት 20 ከሆነ ይህን ሙከራ አትሞክሩት፤ ውጤቱ ያሳስታችኋል። በእሱ ፋንታ ክፍያው ገጽ ላይ «መጀመሪያ ስለ እኛ የሰሙት የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጎን ለጎን ስማችሁን በነጻ ፍለጋ የሚጽፈው ሰው በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሆነ መዝግቡ። እኔ ጥያቄውን ያስገባሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከመጡት መልሶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ቲቪ ላይ፤ ቡናው ሲቆላ ድምፁን ሰምቼ ዞር አልኩ።»